ፒ-ቫልዩ የሚመልሰውና የማይመልሰው ጥያቄ

እኛ የአርት ፋክልቲ ተማሪዎች «ስታቲስቲክስ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» እያልን ያጕረመረምንበት ጊዜ እንደ ነበረ አንክድም። ዛሬ የምናነሣው ቅሬታ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። ትምህርቱ በዛብን ሳይሆን ከመካከሉ ዋናው ነገር ጐደለብን እንላለን። የጐደለውም ነገር ትንሽ መስሎ የሚታይ፥ ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፋችንን ሁሉ የሚያበላሽ ስለ ሆነ በዚህ መጽሔት ላይ ልንወያይበት ወደድን።

ስለ መላምት ፍተሻ የተማርነው በግድግዳ ላይ በበራ አንድ ስላይድ ነው። ስላይዱ አራት መስመር ነበረው። አንደኛ፥ «ምንም ልዩነት የለም» የሚለውን መላምት ጻፍ፤ ስሙም H0 ይባላል። ሁለተኛ፥ 0.05 የሚለውን ወሰን ምረጥ። ሦስተኛ፥ ፒ-ቫልዩን አስላ። አራተኛ፥ p < 0.05 ከሆነ H0ን ጣል፥ ካልሆነ ተቀበል። ከግርጌው ደግሞ አምስተኛ መስመር ታክሎ «ፒ-ቫልዩ ማለት H0 እውነት የመሆኑ ዕድል ነው» ይላል። እኛም አምስቱን መስመሮች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ይዘን ፈተናውን አለፍን። ካለፍን በኋላ ግን የአምስተኛው መስመር ቃል ፈጽሞ ስሕተት፥ የአራተኛውም እኩሌታ ስሕተት መሆኑን ተረዳን።

ነገሩ የቃላት ክርክር እንዳይመስል ያየነውን እንናገር። ከጓደኞቻችን አንዱ ከገጠር ትምህርት ቤት የመጡና ከከተማ የመጡ ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍት የሚቈዩበት ሰዓት ይለያይ እንደሆነ ለማወቅ 22 ተማሪዎችን ጠይቆ ፒ-ቫልዩው 0.08 ሆነበት። «ልዩነት የለም» ብሎ ጻፈ፤ «ውጤት አላገኘህም» ተባለና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ 20 ጥያቄ ያለበት መጠይቅ በትኖ በእያንዳንዱ ጥያቄ ወንዶችንና ሴቶችን አነጻጸረ። ከሃያው በአንዱ ላይ 0.03 አገኘ፤ አሥራ ዘጠኙን ጥሎ ስለ አንዱ ብቻ ጻፈ፤ ተመሰገነም። በእኛ አስተያየት የሁለቱም ፍርድ የተዛባ ነው። ለምን እንደ ተዛባ ለማስረዳት ግን ከሥሩ መጀመር ይኖርብናል።

ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ከ1919 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከለንደን በስተ ሰሜን በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ ነበር። በዚያ ቦታ አንዲት የሥራ ባልደረባው ሻይ በወተት ስትጠጣ ወተቱ ቀድሞ ይቀዳ ወይስ ሻዩ፥ በጣዕሙ ለይታ እንደምታውቅ ተናገረች። ፊሸር በ1935 ስለ ሙከራ አነዳደፍ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አባባል ምሳሌ አድርጎ አቀረበው፤ የሴትዮዋን ስም ግን አልጠቀሰም። የነገሩ ብልሃት እንዲህ ነው። ስምንት ሲኒ ይዘጋጃል፤ በአራቱ ወተቱ ይቀድማል፥ በአራቱ ሻዩ ይቀድማል። ሲኒዎቹ በዕጣ ተደባልቀው ይቀርቡላታል። አራት አራት መሆናቸው አስቀድሞ ይነገራታል፤ የእርስዋ ሥራ ወተት የቀደመባቸውን አራቱን መርጣ ማውጣት ነው።

እዚህ ላይ «ምንም የለም» የሚለው መላምት ትርጕሙ ግልጽ ነው፤ ሴትዮዋ ምንም አትለይም፥ ምርጫዋ ዕጣ እንደ መጣል ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ከስምንት ሲኒ አራቱን በስንት ዓይነት መንገድ ልትመርጥ ትችላለች? የመጀመሪያውን ከ8፥ ሁለተኛውን ከ7፥ ሦስተኛውን ከ6፥ አራተኛውን ከ5 ትመርጣለች፤ ሲባዛ 1,680 ይሆናል። ነገር ግን አራቱ ሲኒዎች በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢነሡ ያው አራቱ ናቸው። አራት ነገር በ24 ዓይነት ቅደም ተከተል ስለሚደረደር 1,680ን ለ24 ስናካፍል 70 እናገኛለን። ከነዚህ 70 ምርጫዎች አራቱንም በትክክል የሚያወጣው አንዱ ብቻ ነው። ሦስቱን አግኝቶ አንዱን የሚስተው 16 ነው፤ ሁለቱን የሚያገኘው 36፥ አንዱን ብቻ የሚያገኘው 16፥ ሁሉንም የሚስተው 1። ድምሩ 70 ነው፤ አንባቢ ደምሮ ይመልከት።

እንግዲህ ሴትዮዋ ሁሉንም በትክክል ብትለይ ፒ-ቫልዩው ከ70 አንድ፥ ማለት 0.014 ነው። አንድ ከዚህ፥ አንድ ከዚያ ብታለዋውጥ ደግሞ «ይህን ያህል ወይም ከዚህ የተሻለ» የሚሆነው 16 እና 1 ስለሆነ ከ70 አሥራ ሰባት፥ ማለት 0.24 ይሆናል። ፒ-ቫልዩ ማለት ይኸው ነው፤ ከዚህ የራቀ ምሥጢር የለውም። «ምንም የለም» የሚለው መላምት እውነት ነው ብንል፥ ያየነውን ያህል ወይም ከዚያ የባሰ ከመላምቱ የራቀ ውጤት የማየት ዕድል ምን ያህል ነው? ይህንን ብቻ ይመልሳል።

ልብ በሉ፤ ስሌቱ የተጀመረው «ሴትዮዋ አትለይም» የሚለውን እውነት ነው ብለን ከወሰድን በኋላ ነው። 70ውን ምርጫ ሁሉ እኩል ያደረግነው ይህንን ስለ ተቀበልን ነው። አስቀድመን እውነት ነው ብለን የቈጠርንበትን ነገር ተመልሰን «እውነት የመሆኑ ዕድል 0.014 ነው» ልንለው አንችልም። የስላይዱ አምስተኛ መስመር ግን የሚለው ይህንኑ ነው፤ ጥያቄውን ገልብጦታል። የመገልበጡን ጉዳት በሌላ ነገር እንይ። በአገራችን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰውየው ካህን ከሆነ ወንድ የመሆኑ ነገር አያጠራጥርም። ወንድ ከሆነ ግን ካህን ነው የሚል ማን ነው? ሁለቱ ጥያቄዎች ቃላቸው አንድ፥ መልሳቸው የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው።

ይህም ካልበቃ የሚከተለውን አስቡ። አንድ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ቡና ቀማሽ የይርጋ ጨፌን ቡና ከሐረር ቡና እለያለሁ ይላል። ስምንት ሲኒ በፊሸር ብልሃት አቅርበንለት ሁሉንም ለየ፤ ፒ-ቫልዩው ከ70 አንድ ነው። አንድ የመኝታ ቤት ጓደኛችን ደግሞ ሲኒዎቹ ተከድነው፥ ሳይቀምስና ሳያሸት፥ በሐሳብ ብቻ እለያለሁ ይላል። ስምንት ሲኒ ከድነን አቀረብንለት፤ እርሱም ሁሉንም ለየ። ፒ-ቫልዩው ያው ከ70 አንድ ነው። እንግዲህ ሁለቱን እኩል እናምናለን? ቀማሹን «ድሮም እናውቅ ነበር» እንለዋለን። ጓደኛችንን ግን ወይ ዕድል ቀንቶታል፥ ወይ ከቀጂው ጋራ ተጠቃቅሷል ብለን ሙከራውን እንድገመው እንላለን። ፒ-ቫልዩ H0 እውነት የመሆኑ ዕድል ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ላይ ያለን እምነት አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። አንድ አለመሆኑ ደግሞ የእኛ አድልዎ አይደለም። ከሙከራው በፊት የምናውቀው ነገር ወደ ፍርዱ መግባት አለበት፤ ፒ-ቫልዩ ግን ያንን አያውቅም።

ይህ ነገር በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በምርምር ሁሉ ላይ ምን እንደሚያደርስ በቍጥር እናሳይ። ቍጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። ተማሪዎች ሁሉ በአንድነት 1,000 መላምት ፈተሹ እንበል፤ ከነዚህ በእውነት ልዩነት ያለባቸው 100 ብቻ ናቸው፥ የቀሩት 900 ባዶ ናቸው። ወሰኑ 0.05 ስለሆነ ከ900ው ባዶዎች 5 ከመቶው፥ ማለት 45ቱ በአጋጣሚ ብቻ ወሰኑን ያልፋሉ። እውነተኞቹን 100 ደግሞ ሙከራው 80 ከመቶ ያህል የማግኘት ኃይል አለው ብንል 80ዎቹ ያልፋሉ። ስለዚህ «ጉልህ ውጤት አገኘሁ» ብሎ የሚመጣው ተማሪ 125 ነው፤ ከነዚህም 45ቱ ባዶ ይዘዋል። 45 ከ125 ስንት ነው? 36 ከመቶ። ስላይዱ «የመሳሳት ዕድላችሁ 5 ከመቶ ነው» እያለ ያጽናናናል፤ አልፈው ከመጡት መካከል ግን ከሦስቱ አንዱ የሚበልጠው ባዶ ነው። 5 ከመቶ የተባለው ከባዶዎቹ መካከል ስንቶቹ እንደሚያልፉ ነው እንጂ ካለፉት መካከል ስንቶቹ ባዶ እንደ ሆኑ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጓደኛችን እንመለስ። 0.08 አግኝቶ «ልዩነት የለም» ማለቱ ስሕተት ነው፤ የስሕተቱ ምንጭ ግን እርሱ ሳይሆን «ካልሆነ ተቀበል» የሚለው የስላይዱ ቃል ነው። ወደ ሻዩ ጠረጴዛ እንሂድ። ስምንት በመሆን ፈንታ አራት ሲኒ ብቻ፥ ሁለት ሁለት አድርገን ብናቀርብ ኖሮ የምርጫው መንገድ 6 ብቻ ነው። ሴትዮዋ አንድም ሳትሳሳት ብትለይ እንኳ ፒ-ቫልዩው ከ6 አንድ፥ ማለት 0.17 ነው። በዚህ ሙከራ የመላእክት ምላስ ያላት ሴት ብትቀርብም ወሰኑን አታልፍም! ስድስት ሲኒ ሦስት ሦስት ቢሆን መንገዱ 20 ነው፤ ሁሉንም ብትለይ ልክ 0.05 ላይ ትቆማለች እንጂ ከዚያ አታንስም። በስምንቱ ሁሉንም ብትለይ ታልፋለች፤ ሁለት ሲኒ ብታለዋውጥ ግን እንዳየነው 0.24 ነውና ትወድቃለች። ሲኒው 12፥ ስድስት ስድስት ቢሆን መንገዱ 924 ይሆናል፤ ሁለት ሲኒ ብታለዋውጥ እንኳ ያንን ያህል ወይም የተሻለ የሚሆነው 37 ብቻ ስለሆነ ፒ-ቫልዩው 0.04 ነው፥ ታልፋለች። ሴትዮዋ ያችው ናት፥ ምላሷም ያው ነው፤ የተለወጠው የሲኒው ብዛት ነው። እንግዲህ ወሰኑን አለማለፍ «ልዩነት የለም» ማለት ሳይሆን «በዚህ ያህል ሲኒ ልናይ አልቻልንም» ማለት ነው። ጓደኛችን ሊጽፈው ይገባ የነበረው፥ «ያገኘሁት ልዩነት ይህን ያህል ሰዓት ነው፤ 22 ሰው ግን ነገሩን ለመቍረጥ አይበቃም» የሚል ነበር። ይህ ደግሞ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ለሚቀጥለው ተማሪ መንገድ የሚጠርግ ነው።

የሲኒው ብዛት በተቃራኒው በኩልም ያታልላል። ሁለት የማስተማሪያ ዘዴዎችን በፈተና ማርክ እናነጻጽር እንበል፤ የተማሪዎች ማርክ ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን፥ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው፥ 10 ማርክ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 10,000 ተማሪ ቢኖርና ልዩነቱ ግማሽ ማርክ ብቻ ቢሆን ፒ-ቫልዩው ወደ 0.0004 ይወርዳል። በእያንዳንዱ ወገን 50 ተማሪ ቢኖርና ልዩነቱ ሦስት ማርክ ቢሆን ደግሞ ፒ-ቫልዩው 0.13 ገደማ ነው። ታዲያ ለትምህርት ቤት የሚጠቅመው ግማሽ ማርክ ነው ወይስ ሦስት ማርክ? የፒ-ቫልዩ ማነስ የልዩነቱን ትልቅነት አይነግረንም። «ጉልህ» የሚለው ቃል ራሱ በዚህ ረገድ አሳሳች ነው፤ ከአጋጣሚ ጋራ አልጣጣም ያለ ለማለት የገባውን ቃል ትልቅና ጠቃሚ ለማለት አድርገን እንሰማዋለን።

ሁለተኛው ጓደኛችን ጥፋቱ ሌላ ነው። ሃያዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ባዶ ቢሆኑና አንዱ ከሌላው ጋራ ባይያያዝ፥ አንዱም እንኳ ወሰኑን ያለማለፉ ዕድል 0.95 በራሱ ሃያ ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ይህም 0.36 ያህል ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ የማለፉ ዕድል 64 ከመቶ ይሆናል። ሃያ ጊዜ ዕጣ ጥሎ የወጣለትን አንዱን ብቻ እያሳየ «ዕጣዬ ጥሩ ነው» የሚልን ሰው በሻይ ቤት እንስቅበታለን፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲሆን ግን አመሰገንነው። የ0.03 ትርጕም ሊጸና የሚችለው ከሃያ የተመረጠ መሆኑ ሲነገር፥ ወሰኑም በዚያው ልክ ሲጠብቅ ነው። እንግዲህ ከገጹ ላይ የተጻፈው ቍጥር በቂ አይደለም፤ ከቍጥሩ በስተኋላ ስንት ሙከራ እንደ ተጣለም ማወቅ አለብን።

አንዳንድ ወገኖች «0.05 ሊቃውንት የወሰኑት ሕግ ነው፥ እናንተ ማን ናችሁና ትነቅፋላችሁ?» ይሉናል። መልሳችን አጭር ነው። ፊሸር በ1925 ለምርምር ሠራተኞች ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ወሰን ያቀረበው ለሥራ የሚመች ነው ብሎ ነው እንጂ ከተፈጥሮ የተገኘ ድንበር ነው ብሎ አይደለም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበርም በ2016 ባወጣው መግለጫ፥ ፒ-ቫልዩ መላምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካ፥ የልዩነቱንም ትልቅነት እንደማያሳይ፥ ፍርድም አንድ ወሰን በማለፍና ባለማለፍ ብቻ ሊሰጥ እንደማይገባው፥ የተሠራውም ሁሉ በግልጽ መነገር እንዳለበት አስታውቋል። እኛ የፈጠርነው አዲስ ነገር የለም። ለስታቲስቲክስ ሊቃውንት የተነገረው ለእኛም ይነገረን ነው የምንለው።

አስተማሪዎቻችንን ለመውቀስ አልተነሣንም። በአንድ ሴሚስተር ያን ሁሉ ምዕራፍ ማዳረስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እናውቃለን፤ ስላይዱም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣ እንጂ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ አምስተኛው መስመር ተሠርዞ «H0 እውነት ቢሆን ይህን ያህል ወይም ከዚህ የራቀ ውጤት የማየት ዕድል» የሚለው ይግባ። ሁለተኛ፥ «ተቀበል» የሚለው ቃል ወጥቶ «ለመጣል በቂ ማስረጃ አላገኘንም» የሚለው ይተካ። ሦስተኛ፥ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ከፒ-ቫልዩው ጋራ የልዩነቱ መጠን፥ የተጠየቁት ሰዎች ብዛትና የተሞከሩት ንጽጽሮች ቍጥር እንዲጻፍ ይታዘዝ፤ 0.08 ያገኘ ተማሪም በ0.08ነቱ ብቻ አይውደቅ።

እስከዚያው ድረስ ግን እኛው በእኛው ልንማማር እንችላለን። ስምንት ሲኒና አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ከመኝታ ቤታችን አይጠፋም። ወተት ይጨመርበት፥ አንዱ ይቅዳ፥ ሌላው ይቅመስ፥ ሦስተኛው 70ውን መንገድ በወረቀት ላይ ይቍጠር። አንድ ምሽት እንዲህ ያሳለፈ ተማሪ የስላይዱን አምስተኛ መስመር ሲያይ እጁን አንሥቶ መጠየቁ አይቀርም።